ምስጢራዊ ሰነድ ሲተረጎም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሕክምና ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ የሥራ ስንብት ደብዳቤ ወይም የድርጅት ውል ለሚያስተረጉሙና ለሚተረጉሙ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። አብዛኞቹ ጥያቄዎች በነጻ የኢንተርኔት መተርጎሚያዎች ዙሪያ ስለሆኑ ከዚያው እንጀምራለን።

ነጻ መተርጎሚያ ላይ ጽሑፍ ስለጥፍ ጽሑፉ የት ይሄዳል?

ትርጉሙ የሚሠራው እርስዎ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። የለጠፉት ሁሉ ወደ አገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ሳያነቡ የተስማሙበት የአጠቃቀም ውል ነው። አንዳንዱ ጽሑፉን ለተወሰነ ጊዜ ይዞ መተርጎሚያውን ለማሻሻል ይጠቀምበታል። አንዳንዱ በአካውንትዎ ታሪክ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በጉግል አካውንትዎ ገብተው ጉግል ትራንስሌትን ሲጠቀሙ የተረጎሙት በታሪክዎ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ማለት በዚያው አካውንት የሚገባ የቤተሰብ አባል ወይም የቢሮ ባልደረባም ያየዋል ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው በ2017 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ውስጥ የተጋለጠው ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ ማሰራጫ ኤንአርኬ እንደዘገበው፣ ሠራተኞች Translate.com በተባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ የተረጎሟቸው ጽሑፎች በጉግል ፍለጋ ተገኙ። ከተገኙት መካከል የስንብት ደብዳቤዎች፣ ውሎችና የይለፍ ቃሎች ነበሩበት። ጉዳዩ የታወቀው የነዳጅ ኩባንያው ስታትኦይል ሠራተኞች የራሳቸውን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ በማየታቸው ነው። እዚህ ላይ ማንም ሰብሮ የገባ ሌባ አልነበረም። ሰዎቹ ራሳቸው ለጥፈው የሄዱት ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ ተቀምጦ ነው የፍለጋ ሞተር ያገኘው። ስለዚህ «ማን የእኔን ደብዳቤ ይፈልጋል?» የሚለው መከራከሪያ አያስኬድም፤ ጽሑፍ እንዲወጣ የግድ የሚፈልገው ሰው መኖር የለበትም።

ከፍሎ መጠቀምስ?

ልዩነት አለው። ለምሳሌ ዲፕኤል በነጻው አገልግሎቱ የገባውን ጽሑፍ ለተወሰነ ጊዜ ይዞ ለማሻሻያ እንደሚጠቀምበት ይናገራል፤ በሚከፈልበት አገልግሎቱ ግን ከትርጉሙ በኋላ እንደሚያጠፋው ቃል ይገባል። ጉግልም ለድርጅቶች በሚሸጠው Cloud Translation በኩል የሚገባውን ጽሑፍ ለሥልጠና እንደማይጠቀም ይገልጻል። ውል ሲያነቡ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ ጽሑፉ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ ለማሠልጠኛ ይውላል ወይ፣ ለሌላ ሥራ ተቋራጭ ይተላለፋል ወይ። ከሦስቱ አንዱ ካልተጻፈ እንደ ነጻው ይቁጠሩት።

መክፈል የማይፈታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ደንበኛዎ ጋር «ለሦስተኛ ወገን አልሰጥም» ብለው ከፈረሙ የሚከፈልበት መተርጎሚያም ሦስተኛ ወገን ነው፤ በጽሑፍ ሳያስፈቅዱ መጠቀም ውሉን ያፈርሳል። ሁለተኛው በተግባር በብዛት የሚያጋጥመው ነው፦ ድርጅቱ ይከፍላል፣ ሠራተኛው ግን ሳያውቀው ከአካውንቱ ወጥቶ በነጻው ገጽ ላይ ይለጥፋል። ሁለቱ ገጾች በመልክ ስለሚመሳሰሉ ከመለጠፍ በፊት የገጹን ጥግ አይቶ የድርጅቱ አካውንት ስም መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሳልለጥፍም ሊወጣ ይችላል?

አዎ፣ በብዙ መንገድ። የክሮም ብራውዘር «ይህን ገጽ ተርጉም» ሲል ከተስማሙ የገጹ ጽሑፍ ወደ ጉግል ይላካል፤ የከፈቱት ገጽ የባንክ ሒሳብዎ ወይም የድርጅቱ የውስጥ ገጽ ቢሆንም። በዎርድ ውስጥ ያለው Review > Translate የሚሠራውም በኢንተርኔት ነው። በስልክ ካሜራ ደብዳቤ አንስቶ መተርጎምም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው።

በአማርኛ ሰነድ ላይ ግን ትልቁ ቀዳዳ ሌላ ነው። ስካን የተደረገውን ወረቀት ወደሚታረም ጽሑፍ ለመለወጥ ሰው ወዲያው ነጻ የመለወጫ ድረ ገጽ ፈልጎ ሙሉውን ፒዲኤፍ ይጭናል። በትርጉሙ ላይ የሚጠነቀቅ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ይዘናጋል፤ የሚጫነው ደግሞ ፎቶ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ሙሉ ሰነድ ነው። ይህን ሥራ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ቴሰራክት የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ። ሲጭኑት የአማርኛውን ፋይል `amh.traineddata` አብረው ይጫኑ፤ ፒዲኤፉን ገጽ በገጽ ወደ ምስል ይለውጡና ይህን ይጻፉ፦

```
tesseract page1.png page1 -l amh
```

ውጤቱ `page1.txt` ሆኖ ይወጣል። ስካኑ 300 ዲፒአይ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ሲያንስ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ማምታታት ይጀምራል። ማኅተም ያረፈበትን መስመር ግን በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ስሞችን ብቻ ደብቄ ብተረጉምስ?

በትክክል ከተሠራ ለብዙ ተራ ሰነዶች ይበቃል። ችግሩ በትክክል የሚሠራው ጥቂት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ እናሳይ። የሕክምና ማስረጃው እንዲህ ይላል እንበል፦

> ወ/ሮ እገሊት በካርድ ቁጥር 45871 ከኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሆስፒታላችን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ለስድስት ወር የታዘዘላቸውን መድኃኒት ጨርሰዋል።

ወደ መተርጎሚያው የሚገባው ይህ ብቻ ነው፦

> ወ/ሮ NN1 በካርድ ቁጥር KK1 ከ DD1 ጀምሮ በሆስፒታላችን የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሲከታተሉ ቆይተው ለስድስት ወር የታዘዘላቸውን መድኃኒት ጨርሰዋል።

ምትኩ በላቲን ትልልቅ ፊደል የሆነው በምክንያት ነው። «ስም1» ብለው ቢጽፉ መተርጎሚያው እሱንም ይተረጉመዋል፤ NN1 ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይነካ ይወጣል። «ወ/ሮ» የሚለውን እንዳለ መተውም የግድ ነው። አማርኛው በአክብሮት «ሲከታተሉ»፣ «ጨርሰዋል» ስለሚል ጾታው በግሱ ላይ አይታይም፤ ማዕረጉን ካነሱት መተርጎሚያው ታካሚዋን ወንድ ወይም ብዙ ሰው ያደርጋታል። ቀኑን በምትክ መለወጥ ደግሞ ሁለት ጥቅም አለው። ቀኑ አይወጣም፤ በተጨማሪም መተርጎሚያው ኅዳር 12 ቀን 2016ን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሳይለውጥ፣ 2016ን እንዳለ ይዞ ሰባት ዓመት እንዳያሳስት ይከላከላል። ትክክለኛውን ቀን፣ ማለትም ኖቬምበር 22 ቀን 2023ን፣ እርስዎ አስልተው በመጨረሻ ያስገባሉ።

ምትኮቹ የሚወክሉትን የሚያሳየው ዝርዝር ወረቀት ላይ ይጻፍ፣ ወይም በይለፍ ቃል በተቆለፈ ሌላ ፋይል ይቀመጥ። ትርጉሙ ሲመጣ ወደ ዎርድ ወይም ሊብሬኦፊስ ይገልብጡና ስሞቹን እዚያ ይመልሱ። ከመመለስዎ በፊት ግን ይቁጠሩ፦ በአማርኛው NN1 አራት ጊዜ ካለ በእንግሊዝኛውም አራት ጊዜ መኖር አለበት። ሦስት ከሆነ መተርጎሚያው አንዱን ወደ «እሷ» ለውጦታል ወይም ዓረፍተ ነገር ዘሏል።

አሁን ወደሚበላሽበት ቦታ እንምጣ። በአማርኛ አንድ ስም በአንድ ሰነድ ውስጥ በሁለትና በሦስት አጻጻፍ ይገኛል። መግቢያው ላይ «ፀሐይ»፣ ከታች «ጸሀይ» ይላል። ፈልጎ የሚተካው መሣሪያ የሚያውቀው የጻፉለትን ፊደል ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ሳይነካ ይወጣል፤ ሰውየው ግን ሁሉንም ደበቅሁ ብሎ ያምናል። በሊብሬኦፊስ Find & Replace ውስጥ Regular expressions የሚለውን ምልክት አድርገው እንዲህ ይፈልጉ፦

```
[ፀጸ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ
```

በ«ሰ» እና «ሠ»፣ በ«አ» እና «ዐ» ለሚጻፉ ስሞችም በዚሁ መንገድ ይሥሩ። Replace All አይጫኑ። የእኛ ስሞች ብዙዎቹ ተራ ቃላት ናቸው፤ «ታደሰ» የሚለውን በሙሉ ከለወጡ «ፈቃዱ ታደሰ» የሚለው የንግድ ፈቃድ ዓረፍተ ነገር ይበላሻል፣ «ሰላም» ደግሞ «ሰላምታ»ን ይዞ ይሄዳል። አንድ በአንድ እያዩ ይለውጡ።

በመጨረሻም ስም ሳይኖር የሚታወቅ ሰው አለ። «በወረዳው ብቸኛዋ የማኅፀን ሐኪም» የሚል ሐረግ ካለ ስሟን መደበቅ ምንም አልሠራም። የሥራ መደብ፣ ቦታና ቀን ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ላይ ያርፋሉ። ቢያንስ ሁለቱን በምትክ ይለውጡ።

በምትክም ቢሆን ኢንተርኔት ላይ ፈጽሞ መግባት የሌለበት የትኛው ነው?

ታሪኩ ራሱ ማንነት የሆነበት ሰነድ ሁሉ። የጥገኝነት ጠያቂ መግለጫ ዋናው ነው። የታሰረበት ቀን፣ የጣቢያው ስም፣ የወንድሙ አሟሟት ተደብቀው ቢወጡ የሚቀር ነገር የለም፤ ካልተደበቁ ደግሞ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ይታወቃል። የአሜሪካ ደንብ መንግሥት የጥገኝነት ጠያቂን መረጃ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እንዳይገልጽ ይከለክላል፤ ይህ ጥበቃ ግን ጠያቂው ራሱ ወይም ተርጓሚው ድረ ገጽ ላይ የለጠፈውን አይሸፍንም። እንዲህ ያለው ሥራ በሰው፣ ኢንተርኔት በሌለው ፕሮግራም ይሠራ።

ያልተከፈተ የጨረታ ዋጋ፣ ገና ያልተመዘገበ ፈጠራ፣ ይፋ ያልሆነ የድርጅት ሽያጭ፣ የልጆች ጥቃት ጉዳይም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

ለኢሚግሬሽን የሚቀርብ ትርጉም ላይ የማልፈልገውን ክፍል መደበቅ እችላለሁ?

አይችሉም። የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት የሚቀበለው ሙሉ ትርጉም ነው፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክል መሆኑን፣ ራሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል። ምትክ የሚሠራው በሥራው ሒደት ውስጥ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ቅጂ ላይ ሁሉም ይመለሳል። ለድርጅት ሥራ ግን ይቻላል። ከሠላሳ ገጽ ውል ሦስት አንቀጽ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ ሦስቱን ብቻ መላክ ከማንኛውም ቁልፍ ይበልጣል።

በቴሌግራም ብልክስ?

የተለመደው የቴሌግራም ጨዋታ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቆለፈ አይደለም፤ ፋይሉ በቴሌግራም ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው Secret Chat ብቻ ነው፣ እሱም ለብቻው መከፈት አለበት። ከሰርቨሩ ይልቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው የተቀባዩ መሣሪያ ነው። ኮምፒውተር ላይ የወረደው ሁሉ በ`Downloads\Telegram Desktop` ፎልደር ውስጥ ይከማቻል፤ ጨዋታውን ቢያጠፉትም ፋይሉ እዚያው ይቆያል። ስልክ ላይ ደግሞ የፓስፖርቱ ፎቶ ከልጆች ፎቶ ጋር ጋለሪ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ፋይሉን ቆልፈው ይላኩ። በ7-Zip ሲጨምቁ ዓይነቱን 7z ያድርጉ፣ የይለፍ ቃል ያስገቡና Encrypt file names የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ይህ ካልተደረገ ይዘቱ ቢቆለፍም «የፍቺ ውሳኔ» የሚለው የፋይል ስም ከሰውየው ስም ጋር ለማንም ይታያል። የይለፍ ቃሉን ደውለው ይንገሩ። ከፋይሉ ሥር በዚያው ጨዋታ መጻፍ ቁልፉን በሩ ላይ እንደ መተው ነው።

ትርጉም ቤት ወይም ጽሕፈት ቤት ስወስድ ምን ልጠይቅ?

ፋይሉ የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚሠራና ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት፣ ኢንተርኔት መተርጎሚያ እንደሚጠቀሙ፣ መቼ እንደሚያጠፉት። እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። «አንጠቀምም» ካሉ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉት ይጠይቁ።

የምንጠነቀቅበት አንድ የሥራ ልማድ አለ። የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅርጹ ተመሳሳይ ስለሆነ ብዙ ቤቶች ያለፈውን ደንበኛ ፋይል ከፍተው ስሙን እየለወጡ ይሠራሉ። ሥራ ያፈጥናል፤ ነገር ግን ከገጹ ግርጌ ወይም ከእናት ስም ቦታ ላይ የሌላ ሰው መረጃ ሳይለወጥ ይቀራል። ሲረከቡ እያንዳንዱን መስመር ከዋናው ጋር ያመሳክሩ። የማያውቁት ስም ወይም ቁጥር ካገኙ የእርስዎም መረጃ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ለትርጉም ቤቶች መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማንም ሰው የሌለበት ባዶ ቅጽ አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ሁልጊዜ ከእሱ መጀመር።

ዋናውን ሰነድ በፍላሽ ከመስጠት ይልቅ ኮፒውን በወረቀት መስጠት ይሻላል። ፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ አብረውት ያሉ ሌሎች ፋይሎችም ይገለበጣሉ።

ትርጉሙን ካስረከብኩ በኋላ ኮምፒውተሬ ላይ ምን ይቀራል?

ከሚያስቡት በላይ። በዎርድ ፋይሉ ውስጥ አስተያየቶች፣ የተሰረዙ ለውጦችና የጸሐፊው ስም ይኖራሉ፤ ከመላክዎ በፊት File > Info > Check for Issues > Inspect Document ብለው ያጽዱ። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን መሳል አይደብቅም። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተመርጦ ከተገለበጠ ይወጣል። ይህን መፈተን ቀላል ነው፦ ገጹን Ctrl+A፣ Ctrl+C አድርገው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት።

የትርጉም ትውስታ ያላቸውን ፕሮግራሞች የሚጠቀሙ ደግሞ ሌላ ማጥፋት ያለባቸው ፋይል አለ። ኦሜጋቲ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም በመሆኑ ለምስጢራዊ ሥራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ የተረጎሙትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ግን `project_save.tmx` በተባለ ፋይል ውስጥ፣ መጠባበቂያዎቹን ደግሞ ከጎኑ ያስቀምጣል። ሰነዱን አጥፍተው ይህን ከተዉ ሙሉው ይዘት በሁለት ቋንቋ ተቀምጧል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ፕሮጀክት ይክፈቱ። የአንዱን ትውስታ ለሌላው ካዋሉ የአንድ ድርጅት ዋጋ በተወዳዳሪው ውል ላይ እንደ ሐሳብ ብቅ ይላል።

ከተርጓሚው ጋር የሚፈረም ውል ምን ይያዝ?

አንድ ገጽ ይበቃል። ሰነዱን የሚያየው ማን እንደሆነ በስም፣ የተፈቀዱና የተከለከሉ መሣሪያዎች፣ ካስረከበ በኋላ ስንት ቀን እንደሚይዝና ከዚያ ምን ምን እንደሚያጠፋ ይጻፍ። እርማት ሊመጣ ስለሚችል 30 ቀን ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ስህተት ሲፈጠር ለማንና በስንት ሰዓት እንደሚነገር የሚገልጽ አንቀጽም አይቅር፤ ብዙ ውሎች የሚረሱት ይህንን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ የጤና መረጃ የያዘ ሰነድ ለሚተረጉም ሰው ጉዳዩ የመልካም ፈቃድ ብቻ አይደለም። ለአውሮፓ ኅብረት ድርጅት የሚሠራ ተርጓሚ ደግሞ በአብዛኛው መረጃውን በደንበኛው ስም የሚያስኬድ ወገን ሆኖ ይቆጠራል፤ የጽሑፍ ውልም ግዴታ ይሆናል።

ለጥፌዋለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የለጠፉትን በትክክል ይጻፉ፦ የትኛው ጽሑፍ፣ የትኛው ድረ ገጽ፣ በየትኛው አካውንት፣ በስንት ሰዓት። ከቆየ ይረሳል፣ ያለዚህ ደግሞ ማንም ሊረዳዎ አይችልም። ቀጥሎ ታሪኩን ከአካውንትዎ ያጥፉ። ይህ አገልግሎት ሰጪው በራሱ በኩል የያዘውን ላያጠፋ ይችላል፤ ስለዚህ በድረ ገጹ የግላዊነት አድራሻ በኩል እንዲሰረዝ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጽሑፉ ውስጥ የይለፍ ቃል፣ የባንክ ወይም የካርድ ቁጥር ካለ ያንኑ ቀን ይለውጡ ወይም ለባንኩ ያሳውቁ። ጽሑፉ በፍለጋ ይወጣ እንደሆነ ለማየት ስም የሌለበትን አንድ ልዩ ዓረፍተ ነገር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ፤ ስም ያለበትን መፈለግ ሌላ መለጠፍ ነው። ዛሬ አለመገኘቱ ነገ አይገኝም ማለት ስላልሆነ ከሳምንትና ከወር በኋላ ይድገሙት።

ለባለቤቱ ደግሞ ዛሬውኑ ይንገሩ። የአውሮፓ ደንበኛ ከሆነ ጥሰቱን ካወቀበት ጊዜ አንሥቶ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚያሳውቅበት 72 ሰዓት አለው፤ እርስዎ የዘገዩበት እያንዳንዱ ሰዓት ጉዳቱን ለመቀነስ ያለውን ጊዜ ያሳጥርበታል። የጥገኝነት ጠያቂ ከሆነ ለጠበቃው ጭምር ይነገር፤ አገር ቤት ያለውን ዘመድ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።